የቢሲጂ ጠባሳ አለመውጣት ክትባቱ «አልያዘም» ማለት ነው?

ሕፃኑ በተወለደ ሰሞን ከቲቢ የሚከላከለውን የቢሲጂ ክትባት ግራ ክንዱ ላይ ተከትቧል፤ የክትባት ካርዱ ላይም ቀኑ ሰፍሯል። ሦስት ወር አልፎ ክንዱ ሲታይ ግን ምንም ምልክት የለም። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ንግግር የታወቀ ነው። አንዱ «አልያዘለትም፣ ይደገምለት» ይላል። ሌላው «እኔም ጠባሳ የለኝ፣ ምን ሆንኩ?» ብሎ ያልፋል። የጤና ባለሙያዎች መልስ ሳይቀር አንዳንዴ ይለያያል፤ ለዚህም ምክንያት አለው። ጠባሳ ላላወጡ ሕፃናት ክትባቱን መድገም በተለያዩ አገሮች ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ አሠራር ነበር። ብራዚል ለምሳሌ ይህን አሠራር የተወችው በ2019 ነው። የቀድሞው ትምህርት በብዙዎች አእምሮ ውስጥ አሁንም አለ።

ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው «ያዘ» የምንለው ቃል ራሱ ነው። ቃሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ባንድ ላይ ይጠራል፦ ቆዳው ላይ ቁስል መውጣቱንና ሰውነት በሽታውን ለመከላከል መዘጋጀቱን። እነዚህ ሁለቱ ከአንድ መርፌ ይነሱ እንጂ የሚከናወኑት በተለያየ ቦታ ነው።

ጠባሳው እንዴት ይፈጠራል?

ቢሲጂ የሚለው ስያሜ ክትባቱን ከሠሩት ሁለት ፈረንሳውያን፣ ከአልበርት ካልሜትና ከካሚል ጌራን ስም የመጣ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች የከብት ቲቢ የሚያመጣውን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ደጋግመው በማሳደግ አዳከሙት፤ ለሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውም በ1921 ነው። ዛሬም በብልቃጡ ውስጥ ያለው በሕይወት ያለ፣ ነገር ግን የተዳከመ ባክቴሪያ ነው። ሕይወት ያለው መሆኑ ከዚህ በታች ለሚነሳው ሁሉ መነሻ ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባል።

ዓመት ላልሞላው ሕፃን የሚሰጠው መጠን 0.05 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከዓመት በላይ ለሆነ 0.1 ሚሊ ሊትር። 0.05 ሚሊ ሊትር አንድ የውሃ ጠብታ ያህል ነው። መርፌው የሚገባው ከቆዳ ሥር ሳይሆን በራሱ በቆዳው ንብርብር ውስጥ ነው። ባለሙያዋ የሕፃኑን ክንድ ይዛ ቆዳውን ወጠር ታደርጋለች፤ የመርፌውን ክፍት አፍ ወደ ላይ አድርጋ፣ መርፌውን ከቆዳው ጋር ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርጋ ጫፉን ብቻ ታስገባለች። ቦታውን በትክክል ካገኘችው ፈሳሹ በቀላሉ አይገባም፤ ገፊው ይከብዳል። ወዲያውም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነጠብጣብ ያለባት ነጣ ያለች ትንሽ እብጠት ብቅ ትላለች። ይህች እብጠት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትጠፋለች፤ ወላጆች ኋላ ከሚያዩት ቁስል ጋር ግንኙነት የላትም።

እውነተኛው ምልክት የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በዚያው ቦታ ትንሽ ቀይ ጉጥ ይወጣል። ከዚያ ይለሰልስና መግል ይቋጥራል፤ ይፈነዳል፤ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ወድቆ ደግሞ ሊመለስ ይችላል። ሁሉም ነገር ሲያበቃ፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠባሳ ይቀራል። ስለዚህ በስድስተኛው ሳምንት ክንዱን አይቶ «የለም» ማለት ገና ያላለቀን ነገር አልቋል ማለት ነው። በነገራችን ላይ ይህ ቁስል ቅባትም ሆነ ዱቄት መድኃኒት አያስፈልገውም፤ መጭመቅም አይገባም። ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መተው በቂ ነው።

በቆዳው ውስጥ ያለውን ሂደት እንከተለው። መርፌው ያስቀመጣቸው ባክቴሪያዎች እዚያው መባዛት ይጀምራሉ። የቆዳው ጠባቂ ሴሎች የተወሰኑትን ውጠው በብብት ወዳለው ንፍፊት ይወስዷቸዋል። ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ባክቴሪያውን የሚለዩትና የሚሠለጥኑት በዚህ ንፍፊት ውስጥ ነው። የሠለጠኑት ሴሎች በደም ዞረው ወደ ክንዱ ሲመለሱ እዚያ የቀሩትን ባክቴሪያዎች ያጠቃሉ፤ በዚህ ውጊያ የቆዳው ሥጋ ይጎዳል፣ ይቆስላል፣ ሲድንም ይጠብሳል። ሥልጠናው የሚካሄደው ብብት ውስጥ ነው፤ ጠባሳው ክንድ ላይ የተካሄደው ግጭት ያስቀረው አሻራ ነው።

ሳይወጣ የሚቀረው ለምንድን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የአቋም ሰነድ መሠረት ከተከተቡት ውስጥ 10 በመቶ ያህሉ ጠባሳ አያወጡም። ምክንያቶቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ለሕፃኑ ያላቸው ትርጉምም ይለያያል።

አንደኛው ምክንያት የመርፌው ጥልቀት ነው። የአዲስ ሕፃን ቆዳ እጅግ ስስ ስለሆነ መርፌው ሳይታወቅ አልፎ ከቆዳው ሥር ሊገባ ይችላል። ይህን በዚያው ቅጽበት ማወቅ ይቻላል፦ ገፊው ያለ ምንም ተቃውሞ ይገባል፣ ነጣ ያለችው እብጠትም አትታይም። እንዲህ ሲሆን ባክቴሪያዎቹ ከላይኛው ቆዳ ርቀው ስለሚቀመጡ ላይ ላይ የሚታይ ቁስል ላይኖር ይችላል፤ ወደ ንፍፊቱ ከመሄድ ግን አይታገዱም። የሚያስከትለው ችግር ሌላ ነው፤ ከቆዳ ሥር መግል የቋጠረ እብጠት ሊያመጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለክትባት ሰጪዎች ያዘጋጀው መመሪያ በዚህ ላይ የማያሻማ ነው። መጠኑ ሁሉ ከቆዳ ሥር ገብቶ ከሆነ ሕፃኑ እንደተከተበ ይቆጠራል፤ አይደገምም፤ ወላጅ ግን እብጠት ካየች እንድትመለስ ይነገራታል።

ሁለተኛው መፍሰስ ነው። ሕፃኑ ክንዱን ሲነጥቅ ወይም መርፌው በጣም ላይ ላዩን ሲገባ ከዚያች አንዲት ጠብታ የተወሰነው ወደ ውጭ ይፈስሳል። ከፊሉ ስለገባ ምላሹ ይኖራል፣ ምልክቱ ግን ሊያንስ ወይም ጨርሶ ላይታይ ይችላል።

ሦስተኛው የብልቃጡ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉ የከፋውም እሱ ነው። ክትባቱ የሚመጣው በደረቅ ዱቄት መልክ ሲሆን የሚሟሟው ከአምራቹ አብሮ በሚላክ ማሟሟያ ብቻ ነው። ሙቀትና ብርሃን ይገድሉታል፤ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ነው። ከተሟሟ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የዕለቱ የክትባት ፕሮግራም ከዚያ በፊት ካለቀ ደግሞ የተረፈው ያኔውኑ ይወገዳል። ቆዳው በአልኮል ተጠርጎ ሳይደርቅ ከተወጋም ሕይወት ያለው ክትባት ሊጎዳ ይችላል። ባክቴሪያዎቹ ከሞቱ ንፍፊቱ ውስጥም ክንዱ ላይም የሚሆን ነገር የለም።

አራተኛው ምንም ስህተት የሌለበት ነው። በተወለደ በቀናት ውስጥ የተከተበ ሕፃን ከፍ ብሎ ከተከተበ ልጅ ይልቅ ቀለል ያለ የቆዳ ምላሽ ያሳያል፤ የሚወጣውም ጠባሳ ትንሽ ሆኖ ከዓመታት በኋላ ሊደበዝዝ ይችላል። የክትባቱ ዝርያም ለውጥ ያመጣል። ቢሲጂ በተለያዩ አገሮች ለብቻው እየተባዛ ስለኖረ ዛሬ የዴንማርክ፣ የሩሲያ፣ የጃፓን እየተባሉ የሚጠሩ ዝርያዎች አሉት፤ የዴንማርኩ ከሩሲያው ይልቅ ጠባሳ ያበዛል።

እንግዲህ ጠባሳ የሌለው ክንድ ከእነዚህ ከአራቱ የትኛው እንደተከሰተ አይናገርም። ከአራቱ በሦስቱ ክትባቱ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ሥራውን ጀምሯል።

ጠባሳ ማየት ጥበቃን ማየት ነው?

በቅድሚያ ቢሲጂ የሚከላከለውን መለየት ያስፈልጋል። ክትባቱ በዋናነት የሚያገለግለው ሕፃናትን በፍጥነት ከሚገድሉት ሁለት የቲቢ ዓይነቶች ለመጠበቅ ነው፦ የአንጎል ሽፋንን ከሚያጠቃው የቲቢ ማጅራት ገትርና በደም አማካይነት መላ ሰውነትን ከሚወረው ሚሊየሪ ቲቢ። በእነዚህ ላይ የሚሰጠው ጥበቃ 75 በመቶ አካባቢ ነው። በአዋቂዎች የሳንባ ቲቢ ላይ ግን ውጤቱ ከቦታ ቦታ ከምንም እስከ 80 በመቶ ይለያያል። ስለዚህ ጠባሳ ያለው ሰው ሁሉ የተጠበቀ አይደለም።

ለዚህ ዋናው ማስረጃ በ1968 በደቡብ ሕንድ ቺንግልፑት በተባለ አካባቢ የተጀመረው ግዙፍ ሙከራ ነው። ከተከተቡት ሰዎች አብዛኞቹ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ በቱበርክሊን ምርመራ ጠንካራ ምላሽ አሳይተው ነበር። ቱበርክሊን ማለት ከቲቢ ባክቴሪያ የተዘጋጀ ፕሮቲን ሲሆን በክንድ ቆዳ ውስጥ ተወግቶ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ የሚፈጥረው እብጠት ይለካል። ያ ጠንካራ ምላሽ በሕዝቡ አባባል ክትባቱ «ይዟል» ማለት ነው። ተከታዮቹ ዓመታት ግን በአዋቂዎች የሳንባ ቲቢ ላይ ምንም ጥበቃ እንዳልተገኘ አሳዩ። የቆዳ ምላሽና ጥበቃ ተለያይተው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ በላይ በግልጽ ያሳየ ሙከራ ማግኘት ይከብዳል።

በሌላ አቅጣጫም ነገሩ እንዲሁ ነው። ጠባሳ ያላወጡ ሕፃናት ደም በላቦራቶሪ ሲመረመር ብዙዎቹ ለባክቴሪያው የነቁ ሴሎች እንዳሏቸው ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ጠባሳ አለመኖሩ ጥበቃ ለማጣት ማሳያ አይደለም፣ ለመድገምም ምክንያት አይሆንም የሚለው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው።

የሚቃወም ማስረጃ አለ?

አለ፤ ሊታለፍም አይገባውም። በጊኒ ቢሳው ለብዙ ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች ከተከተቡ ሕፃናት መካከል ጠባሳ ያወጡት ካላወጡት ያነሰ የሞት መጠን እንደነበራቸው አሳይተዋል። ልዩነቱ በቲቢ ብቻ የሚብራራ አይደለም። ጥናቱን ያካሄዱት ባለሙያዎች ቢሲጂ ሰውነትን ለሌሎች ኢንፌክሽኖችም ያነቃል፣ ጠባሳውም የዚህ መነቃቃት ምልክት ነው ይላሉ።

ሐሳቡ ክብደት ቢኖረውም ሁለት ነገር መለየት አለበት። ጠባሳ ያላቸውና የሌላቸው ሕፃናት በዕጣ የተከፈሉ ቡድኖች አይደሉም። ሲወለድ ደካማ የነበረ ሕፃን ጠባሳ የማውጣትም በሕይወት የመቆየትም ዕድሉ አነስተኛ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ጠባሳው የጥንካሬው ውጤት እንጂ መንስኤ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጥናቱን እንዳለ ብንቀበለው እንኳ የሚደግፈው የመጀመሪያው መርፌ በጥንቃቄ እንዲሰጥ ነው። በድጋሚ በተሰጠ መርፌ የወጣው ጠባሳ ተመሳሳይ ጥቅም እንደሚያመጣ አያሳይም።

መድገሙ ምን ይጨምራል?

በማላዊ ካሮንጋ ጠባሳ ያላቸው ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ለአንዱ ቡድን ሁለተኛ ቢሲጂ፣ ለሌላው ምንም ውጤት የሌለው መርፌ ተሰጠ። በ1996 ይፋ በሆነው ውጤት ድጋሚው ከቲቢ ተጨማሪ ጥበቃ አልሰጠም፤ የቀነሰው የሥጋ ደዌን ነበር። በብራዚል ከ200,000 በላይ ተማሪዎችን ያሳተፈውና በ2005 የታተመው ሙከራም ለተማሪዎች የተሰጠው ድጋሚ መጠን ይህ ነው የሚባል ጥበቃ አልጨመረም አለ። በ2018 በደቡብ አፍሪካ ወጣቶች ላይ የተደረገ አነስተኛ ጥናት ድጋሚው ሥር የሰደደ የቲቢ ኢንፌክሽንን በ45 በመቶ እንደቀነሰ በማሳየቱ ተስፋ ፈጥሮ ነበር፤ ይህንኑ ለማረጋገጥ የተሠራውና በ2025 የታተመው ሰፋ ያለ ሙከራ ግን ያንን ውጤት አላገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። የማላዊው ሙከራ ጠባሳ ባላቸው ሰዎች ላይ ከተሠራ ስለሌላቸው ምን ይነግረናል? በቀጥታ የሚነግረን ጥቂት ነው። ይሁንና መድገምን የሚደግፍ ወገን ጥቅሙን ማሳየት ያለበት ራሱ ነው፤ እስካሁን የሚቀርበው ማስረጃ በድጋሚ ከተከተቡ በኋላ ብዙዎቹ ጠባሳ ማውጣታቸው ብቻ ነው። ያ ደግሞ ጠባሳ ማውጣት እንደሚቻል እንጂ ጥበቃ እንደጨመረ አያረጋግጥም።

በአንጻሩ ጉዳቱ የታወቀ ነው። ባክቴሪያውን ቀድሞ የሚያውቅ ሰውነት ሁለተኛውን መርፌ የሚቀበለው በቁጣ ነው፤ በሳምንታት ይወጣ የነበረው ቁስል በቀናት ውስጥ ይመጣል፣ ሊሰፋም ይችላል። የብብት ንፍፊት ሊያብጥና ሊመግል፣ ጠባሳውም ኬሎይድ ወደሚባል ጎላ ያለ የሥጋ እድገት ሊለወጥ ይችላል። በተፈጥሮ የመከላከል አቅም ጉድለት ያለበትና ገና ያልታወቀለት ሕፃን ከሆነ ክትባቱ ራሱ መላ ሰውነቱን ሊወር ይችላል። ከዚህ ሌላ ድጋሚው መርፌ የቱበርክሊን ምርመራን ያደናግራል፤ ልጁ በኋላ ከቲቢ ታማሚ ጋር ቢገናኝ የታየው እብጠት ከክትባቱ ይሁን ከበሽታው መለየት ያስቸግራል።

የ14 ሳምንት ሕፃን ሲቀርብ

እናት የ14 ሳምንት ሕፃኗን አምጥታ ጠባሳ የለውም ብትል ባለሙያው የሚጀምረው ከካርዱ ነው። ቢሲጂ የሚለው ቦታ ላይ ቀን ተጽፏል? ካርዱ ከጠፋ የተከተበበት ጤና ተቋም መዝገብ ሊኖረው ይችላል። ቀጥሎ ግራ ክንዱን በጥሩ ብርሃን ያያል፤ ቆዳውን በሁለት ጣት ወጠር አድርጎ ያያል፣ በጣቱም ይዳስሳል፤ ደብዛዛ ጠባሳ ከዓይን ይልቅ በጣት የሚገኝበት ጊዜ አለና። ቀኝ ክንዱንም ያያል፣ ምክንያቱም ሁሉም ባለሙያ መመሪያውን አይከተልም። «ትንሽ ብጉር ወይም መግል ታይቶበት ነበር?» ብሎ እናቲቱን ይጠይቃል። ብብቱንም ይዳስሳል።

ካርዱ ወይም መዝገቡ መከተቡን ካሳየ ጉዳዩ እዚያ ያበቃል። ሕፃኑ አይደገምለትም፤ የቱበርክሊን ምርመራም አያስፈልገውም፣ ውጤቱ ምንም ቢሆን ስለ ጥበቃው የሚናገረው የለምና።

ካርድም መዝገብም ጠባሳም ከሌለ ነገሩ ሌላ ነው። ጠባሳ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰነድ ሲጠፋ የመከተብ ማስረጃ ይሆናል። ይህ ሕፃን እንዳልተከተበ ተቆጥሮ 0.05 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። ከዚያ በፊት ግን የእናቱ የኤችአይቪ ሁኔታ መጠየቅ አለበት፤ ቫይረሱ በደሙ ያለና ሕክምና ያልጀመረ ሕፃን ቢሲጂ አይሰጠውም።

ቤት ውስጥ የሚያስል የቲቢ ታማሚ ካለ ደግሞ የክንዱ ጉዳይ ሁለተኛ ደረጃ ይሆናል። ሕፃኑ መጀመሪያ ቲቢ እንደሌለበት ይመረመራል፤ ከሌለበት የመከላከያ መድኃኒት ይጀምራል። መድኃኒቱ እያለ ቢሲጂ መስጠት ከንቱ ነው፤ አይሶናያዚድ የቲቢን ባክቴሪያ እንደሚገድል ሁሉ በክትባቱ ውስጥ ያለውንም ይገድላል። ስለዚህ ላልተከተበ ሕፃን ቢሲጂው የሚሰጠው መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ከአንድ ተቋም የወጡ ብዙ ሕፃናት ጠባሳ ሲያጡ

አንድ ሕፃን ጠባሳ ማጣቱ ብዙም አይናገርም፤ በአንድ ጤና ተቋም ከተከተቡት ግማሾቹ ቢያጡ ግን ከሚጠበቀው 10 በመቶ እጅግ ስለሚርቅ አሠራሩን መፈተሽ ግድ ይላል። የሚፈተሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። የማቀዝቀዣው የሙቀት መዝገብ ይታያል፤ ብልቃጦቹ የሚሟሟት በራሳቸው ማሟሟያ መሆኑ ይጣራል፤ የተከፈተበት ሰዓት ብልቃጡ ላይ ይጻፍ እንደሆነ ይታያል። ከሁሉ በላይ ክትባቱን የምትሰጠው ባለሙያ ስትወጋ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል፦ ነጣ ያለችው እብጠት በእያንዳንዱ ሕፃን ላይ ትወጣለች ወይስ አትወጣም?

ፍተሻው የተወሰኑ ብልቃጦች ለሙቀት ተጋልጠው እንደነበር ወይም ከ6 ሰዓት በላይ ቆይተው እንደተሰጡ ካረጋገጠ፣ በእነዚያ ቀናት የተሰጠው መጠን እንዳልተሰጠ ሊቆጠር ይችላል። ያኔ ማን ዳግም ይከተብ የሚለውን የሚወስነው የክትባት ፕሮግራሙ ነው። የሚጠራው ዝርዝርም ከብልቃጡ መለያ ቁጥርና ከቀኑ ተነስቶ ይዘጋጃል፤ በዚያን ቀን ከዚያ ብልቃጥ የተከተበ ሕፃን ክንዱ ላይ ምልክት ይኑረውም አይኑረውም ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል።